ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወቅት የሆቴል የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ዕቅድ

የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ዕቅድ ማለት ወደ አንድ ድርጅት የሚገባውና ከድርጅቱ የሚወጣው ገንዘብ በየትኛው ወር እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። ከትርፍና ኪሳራ መግለጫ የሚለየው ቀኑን በመመልከቱ ነው። በዓመቱ መጨረሻ አትራፊ የሚሆን ሆቴል በጥቅምት ደመወዝ መክፈያ ሊያጣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ዕቅዱን በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ከተማ ምሳሌ ያስረዳል።

## የወቅቱ መለዋወጥ

ጭሮ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ በአዋሽ በኩል ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለሚውለው የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ከአዲስ አበባ በዚህ መንገድ የሚጓዙ ምዕመናን በከተማዋ ያልፋሉ። እነዚህ ቀኖች በየዓመቱ አይለወጡም። ረመዳን ግን በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ወደፊት ይቀድማል፤ በ2010 ዓ.ም. በግንቦት የገባው ጾም በ2018 ዓ.ም. በየካቲት ገብቷል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በዚህ ዞን የቀን የምግብ ሽያጭና የሠርግ ገበያ ከጾሙ ጋር ስለሚንቀሳቀስ፣ ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ወር ብቻ አይቶ መገመት ያሳስታል።

## ቋሚ ወጪ

ቋሚ ወጪ እንግዳ መጣም አልመጣም የሚከፈል ነው። ለምሳሌ ባለ 20 ክፍል ሆቴል በወር ለደመወዝና ለጡረታ መዋጮ 90,000 ብር፣ ለባንክ ብድር 60,000 ብር፣ ለጥበቃ፣ ለመብራትና ለስልክ 30,000 ብር ይከፍላል እንበል። ድምሩ 180,000 ብር ነው። የአንድ ሌሊት አልጋ ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስ 800 ብር ቢሆንና ለቁርስ፣ ለአንሶላ አጠባና ለሳሙና 200 ብር ቢወጣ፣ ለቋሚ ወጪ የሚተርፈው 600 ብር ነው። ስለዚህ ሆቴሉ ወጪውን ለመሸፈን በወር 300 አልጋ፣ ማለትም በየሌሊቱ 10 ክፍል ማከራየት አለበት።

ሆቴሉ ሐምሌን በ190,000 ብር ቢጨርስና ገበያው ቢቀዘቅዝ፦

| ወር | የተያዘ አልጋ | የተረፈ (ብር) | ጉድለት (ብር) | በእጅ የቀረ (ብር) |
|---|---|---|---|---|
| ነሐሴ | 180 | 108,000 | 72,000 | 118,000 |
| መስከረም | 220 | 132,000 | 48,000 | 70,000 |
| ጥቅምት | 200 | 120,000 | 60,000 | 10,000 |

በዚህ ላይ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ የንግድ ትርፍ ግብር እስከ ጥቅምት 30 መከፈል አለበት። ግብሩ 70,000 ብር ከሆነ 60,000 ብር ይጎድላል።

## ቀብድ

በዚሁ ጥቅምት አንድ ቤተሰብ ለጥር ሠርግ 80,000 ብር ቀብድ ቢከፍል፣ ግብሩ ተከፍሎ በሒሳቡ ላይ 20,000 ብር ይታያል። ባለቤቱ ወቅቱን ያለፈው ይመስለዋል። እንዲያውም የጥርን በሬና ቅቤ መግዣ በልቷል። አገልግሎቱ እስኪሰጥ ድረስ ቀብድ የሆቴሉ ዕዳ እንጂ ገቢ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚደነግገው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። ሆቴሉ ድግሱን ማሰናዳት አቅቶት ውሉን ቢያፈርስ 160,000 ብር ይጠየቃል ማለት ነው። በመሆኑም የተከፈለው ገንዘብ ቀብድ ይሁን ወይም የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ፣ እስከ መቼ ቢሰረዝ ምን ያህል እንደሚመለስ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፋል። ገንዘቡም በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል፤ የሚወጣውም ለዚያው ድግስ ዕቃ ብቻ ነው።

ቀብዱ ከዕለት ወጪ ጋር መቀላቀሉ የሚታወቀው በቀላል ፈተና ነው። በባንክና በካዝና ካለው ገንዘብ ላይ ገና አገልግሎት ያልተሰጠበት ቀብድ ሁሉ ሲቀነስ ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ሆቴሉ በደንበኛ ገንዘብ እየኖረ ነው።

## ጉድለቱን መሸፈን

ሠንጠረዡ በሐምሌ ከተሠራ የ60,000 ብሩ ጉድለት ሦስት ወር ቀድሞ ይታያል። ባንኩ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያለውን ክፍያ በወር በ10,000 ብር ቀንሶ ከታኅሣሥ በኋላ ወዳሉት ወራት እንዲያሸጋግር ቢስማማ 30,000 ብር ይገኛል። ስልጠና ለሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች 100 ተጨማሪ አልጋ በ500 ብር ቢሸጥ፣ ከእያንዳንዱ 300 ብር ስለሚተርፍ ሌላ 30,000 ብር ይገባል። ቅናሹ የሚጠቅመው ግን ሌላ ጊዜ ለማይመጣ እንግዳ ነው፤ በ800 ብር ያድር የነበረው ደንበኛ በ500 ብር ካደረ ጉድለቱ ይሰፋል። የሠራተኞችን የዓመት ፈቃድ በእነዚህ ወራት ማስወጣትም በበዓል ሰሞን ምትክ ሠራተኛ ከመቅጠር ያድናል፤ የነሐሴን ደመወዝ ግን አይቀንስም።

ሁለቱ እርምጃዎች ጉድለቱን ልክ ይሞሉታል፤ የሚተርፍ ነገር የለም። ከተገመተው 20 አልጋ ቢቀር 12,000 ብር ይጎድላል። ስለዚህ ሠንጠረዡ በየወሩ መጨረሻ ከእውነተኛው ቁጥር ጋር እየተነጻጸረ ይታደሳል። ባንኩን መጠየቅም የሚሻለው በሐምሌ፣ ክፍያ ሳይዘገይ ነው፤ በጥቅምት የሚቀርብ ጥያቄ ዕዳው ካለፈ በኋላ የሚሰማ ልመና ይሆናል።