ከ3.37 ወደ 2.70፦ የጎደለው ኦድ የት ሄደ?

በአንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ባለሜዳው ያሸንፋል የሚለው ውርርድ 1.87 ኦድ አለው እንበል። በዚያው ጨዋታ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ጎል ይቆጠራል የሚለው፣ ተወራራጆች «ኦቨር 2.5» የሚሉት፣ ደግሞ 1.80 ነው። ሁለቱ ሲባዙ 3.37 ይመጣሉ። ምርጫዎቹ ከሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ቢሆኑ አወራራጁ ድርጅት የሚከፍለው ይህንኑ ነበር። ከአንድ ጨዋታ ሲሆኑ ግን ስልኩ ላይ የሚታየው 2.70 ነው። ተወራራጁ «ዘረፉኝ» ይላል። በከፊል እውነቱን ነው፤ የትኛው ከፊል እንደሆነ ለማወቅ ግን ጎል መቁጠር ያስፈልጋል።

ባለሜዳው በአማካይ 1.7፣ እንግዳው 1.1 ጎል የሚያገቡበትን ጨዋታ እንውሰድ። በተለመደው የጎል ስሌት እንዲህ ያለው ጨዋታ 100 ጊዜ ቢደገም ባለሜዳው 51 ጊዜ ያህል ያሸንፋል፤ 53 ጊዜ ያህል ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ ጎል ይቆጠራል። ሁለቱ ነገሮች የማይተዋወቁ ቢሆኑ፣ ከ51ዱ ድሎች 53 በመቶው፣ ማለትም 27ቱ ብቻ፣ ኦቨር ይሆኑ ነበር። ግን ይተዋወቃሉ። ባለሜዳው ከሦስት ባነሰ ጎል የሚያሸንፍባቸው ውጤቶች 1 ለ 0 እና 2 ለ 0 ብቻ ናቸው፤ እነሱም ከ100 ጨዋታ 19 ያህሉን ይይዛሉ። ከ51 ላይ 19 ሲቀነስ 32 ይቀራል። ለድሉ የገባው ጎል ለኦቨሩም ይቆጠራልና ተወራራጁ አንዱን ዕድል ሁለት ጊዜ እየተጠቀመበት ነው።

አወራራጁ 3.37 ቢከፍል ምን ይሆናል? በእያንዳንዱ ጨዋታ 100 ብር ያስያዘ ሰው ከ100 ጨዋታ በኋላ 10,000 ብር አውጥቷል። 32 ጊዜ 337 ብር ሲቀበል 10,784 ይሆናል። ድርጅቱ ከሰረ ማለት ነው። የቀድሞ አወራራጆች ከአንድ ጨዋታ ሁለት ምርጫ በአንድ ትኬት አባዝተው የማይቀበሉት በዚህ ምክንያት ነበር። ዛሬም በተራው ትኬት ላይ ሁለተኛውን ምርጫ ስንነካ የመጀመሪያው የሚጠፋው ለዚሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 የስፖርት ውርርድን ለክፍለ ግዛቶች ከፈተ፤ በዓመቱ ፋንዱኤል ይህን የተከለከለ ትኬት «ሴም ጌም ፓርላይ» ብሎ ለገበያ አቀረበው። አውሮፓ ውስጥ ስሙ «ቤት ቢልደር» ነው፤ በአማርኛ ሲነበብ የግንበኛ ማስታወቂያ ይመስላል።

የሚቻል ያደረገው ኮምፒውተር ነው። ድርጅቱ ጨዋታውን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ በስሌት ያጫውትና የተመረጡት ነገሮች ስንት ጊዜ አብረው እንደተከሰቱ ይቆጥራል። በእኛ ምሳሌ 32 ከ100 ያገኛል፤ ያለ ምንም ትርፍ ትክክለኛው ኦድ 3.13 ይሆናል። እንግዲህ ከ3.37 ወደ 3.13 የወረደው ዝምድናው ያስወረደው ነው፤ በዚህ ማንም አልተዘረፈም። ከ3.13 ወደ 2.70 የወረደው ግን ሌላ ነው። በ2.70 ተወራራጁ ከ10,000 ብሩ 8,640 ብቻ ይመለስለታል፤ ድርጅቱ ከ100 ብር ወደ 14 ብር ያህል አስቀረ። ለየብቻቸው በ1.87 ወይም በ1.80 ቢወራረድ የሚቀርበት 5 ብር ገደማ ነበር። ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎችን ቢያጣምር እንኳ 9 ብር ነው።

ይህን ያህል የሚያስቀሩበት አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። ስሌቱ ዝምድናውን ትንሽ ከሳተ ስህተቱን ቀድመው የሚያገኙት ቁጥር አዋቂዎች ናቸው፤ ስለዚህ ለስህተት መጠባበቂያ ይጨመራል። በእኔ ግምት ግን ትልቁ ምክንያት ማነጻጸሪያ አለመኖሩ ነው። የባለሜዳ ድል ኦድ በየድርጅቱ ተደርድሮ ይታያል፤ ድል፣ ኦቨር፣ የአጥቂው ጎልና ስምንት ኮርና የተጣመሩበትን ትኬት ግን ማን ከማን ጋር ያስተያያል? ምርጫው በበዛ ቁጥር የሚቀረውም ይበዛል፤ የሚከፈለው ብር ትልቅ ስለሆነ ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ዝምድናው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ባለሜዳው ያሸንፋል፣ ጎሉም ከሦስት ያንሳል የሚሉት ሁለቱ ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ ትክክለኛው ኦድ ከብዜቱ መብለጥ አለበት። በእኛ ጨዋታ 19 ከ100 ነውና 5.26 ነው። ትኬቱ 4.30 ቢያሳይ መፈተሻ አለ፤ ይህ ውርርድ 1 ለ 0 ወይም 2 ለ 0 ከማለት አይለይምና የትክክለኛ ውጤት ገበያውን ማየት ነው። እዚያ 1 ለ 0 በ8.50፣ 2 ለ 0 በ10 ቢገኙ፣ በመጀመሪያው 54 ብር፣ በሁለተኛው 46 ብር ያስያዘ ሰው የትኛውም ቢመጣ 459 ወይም 460 ብር ያገኛል። ያንኑ 100 ብር በጥምር ትኬቱ ያስያዘ፣ በዚያው ጨዋታ በዚያው ውጤት፣ 430 ብር ይቀበላል።