ደሙ በስንት ሰዓት ተቀዳ?
አንድ የ35 ዓመት ሰው ድካም እና የወሲብ ፍላጎት መቀነስ አስጨንቆት ወደ ክሊኒክ ሄደ እንበል። ምሳውን በልቶ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደም ሰጠ። ውጤቱ በዴሲሊትር 260 ናኖግራም ቴስቶስትሮን ሆነ። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር ዝቅተኛ የሚለው ከ300 በታች ያለውን ነውና ወረቀቱን ያየ ሁሉ «ሆርሞን ጎድሎታል» ቢል አይፈረድበትም።

ግን ሰዓቱስ? ቴስቶስትሮን በእንቅልፍ ጊዜ እየጨመረ ሄዶ ማለዳ ከፍ ይላል፤ ቀኑ ሲገፋ ይቀንሳል። ልዩነቱ በወጣቶች ሰፊ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ይጠብባል። ምግብም፣ በተለይ ስኳር፣ ለጥቂት ሰዓታት ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ደሙ በባዶ ሆድ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢቀዳ ይመረጣል። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ጥበቃ ወይም ነርስ ግን ሰዓቱን የሚቆጥረው ከእንቅልፉ ከነቃበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ሰውየው በሌላ ቀን ማለዳ ሳይበላ ሲመረመር 390 ወጣ። የመጀመሪያው ቁጥር ሐሰት አልነበረም፤ የተነበበው ግን ለጠዋት ደም በተሠራ መለኪያ ነው።

ማለዳም ተመርምሮ ዝቅ ቢል እንኳ አንድ ውጤት አይበቃም፤ መጠኑ ከቀን ቀን ይለዋወጣል፣ ትኩሳት ወይም ከባድ ሕመምም ለጊዜው ያወርደዋል። ከሕመሙ አገግሞ፣ በተቻለ መጠን በዚያው ላቦራቶሪ መድገም ያስፈልጋል። ሁለቱም ዝቅ ካሉና ምልክቶቹ ካሉ፣ ሐኪሙ ኤልኤች የተባለውን ሆርሞን ያስለካል፦ ከፍ ካለ ጉድለቱ ከወንድ ዘር ፍሬው ነው፤ ካልጨመረ ፍለጋው አንጎል ሥር ወዳለችው ፒቱታሪ ዕጢ ያመራል።