ሲወስዱ በሰከንድ፣ ሲመልሱ በሳምንት?

አሜሪካ ውስጥ ሱቁ «መልሰንልሃል» ብሎ ደረሰኝ ከሰጠ በኋላ ገንዘቡ ለቀናት ሳይታይ ሲቀር፣ ብዙዎቻችን የምንለው አንድ ነው፦ «ባንኩ ይዞ እየነገደበት ነው።» ንዴቱ ይገባኛል፤ ሲወስዱማ በሰከንድ ነበር።

እውነቱ ግን ሲወስዱም በሰከንድ አይደለም። ካርዱን ስናስነካ ባንኩ ገንዘቡን ለሱቁ አይልክም፤ ሂሳባችን ላይ ያንኑ ያህል ያግዳል። ስልካችን ላይ «ፔንዲንግ» የሚለው እሱ ነው። ገንዘቡ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እገዳው ወዲያው ስለሚታየን ግን ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለናል። ተመላሹ ራሱን የቻለ አዲስ ክፍያ ስለሆነ ያንኑ መንገድ ከሱቁ ተነስቶ ይጓዛል፤ እስኪደርስ ድረስ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይታየንም።

የ86 ዶላር ጫማ ዓርብ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መለስን እንበል፤ ሰኞ ደግሞ የሜሞሪያል ዴይ በዓል ነው። ሱቁ ማታ ሲዘጋ የቀኑን ሽያጭና ተመላሽ ሁሉ ባንድ ላይ ጠቅልሎ ካርድ ለሚያስተናግድለት ድርጅት ይልካል። ድርጅቱ ለቪዛ ወይም ለማስተርካርድ ያስተላልፋል፣ እነሱ ደግሞ ለእኛ ባንክ። ባንኮች እርስ በርስ የሚተሳሰቡት ግን በሥራ ቀን ነው። ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ እንዲሁ አለፉ። ማክሰኞ ሂሳቡ ይወራረዳል፣ ሌሊት ባንኩ ይመዘግባል፣ ረቡዕ ጠዋት 86 ዶላሩ ይታያል። ይህ ሁሉ ነገር ሳይደናቀፍ ሲሄድ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጥ ሱቅ ከሆነ «ጸድቋል» የሚለው ኢሜይል ከደረሰን በኋላም ትእዛዙ እዚያው ወረፋ ላይ ሊያድር ይችላል፤ ያን ጊዜ ባንካችን ጉዳዩን ጭራሽ አልሰማም።

ባንኩ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ መረጃው እንደደረሰው በፔንዲንግ ያሳያል፣ ሌላው እስኪመዘገብ ድረስ ዝም ይላል።

ሌላም ስሕተት አለ፤ ተመላሽ ሁሉ በመግለጫችን ላይ «ገቢ» ሆኖ ይመጣል ብሎ መጠበቅ። ሱቁ የቀኑን ሂሳብ ሳይዘጋ ሽያጩን ከሰረዘው የሚመለስ ገንዘብ የለም፤ እገዳው ይነሣል፣ ፔንዲንግ የነበረው መስመርም ይጠፋል። ያልወጣ ገንዘብ ሲጠብቅ የሚከርም ሰው አይቻለሁ።

ሁለት ሦስት የሥራ ቀን ካለፈ ባንኩ ዘንድ ከመሰለፍ በፊት ሱቁን «ኤአርኤን» የሚባለውን ባለ 23 አሃዝ ቁጥር መጠየቅ ይሻላል። ቁጥሩ ካለ ተመላሹ መንገድ ላይ ነው፤ ባንኩ በዚያ ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል። ሱቁ ቁጥሩን መስጠት ካቃተው ግን ምናልባት ገንዘቡ ገና ከእጁ አልወጣም።