አጥንት አልባው ዶሮ

በእንግሊዝኛ የተጻፈ የምግብ አሠራር ላይ ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ ሞልቷል። የዶሮ ጥብስ አሠራርን እንውሰድ። ገና ሲጀምር «ፕሪሂት» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። «ሂት» ማሞቅ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ከፊት የተቀጠለው «ፕሪ» አስቀድሞ ማለት ነውና፣ ዶሮው ከመግባቱ በፊት ምድጃው መሞቅ እንዳለበት መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ይደርስበታል። በ«ቅድመ ክፍያ» ውስጥ ያለው «ቅድመ» ሥራውም ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚያስፈልጉት ነገሮች ይዘረዘራሉ፤ «አንሶልትድ» ቅቤና «ቦንሌስ» ዶሮ። «ሶልት» ጨው ስለሆነ የመጀመሪያው ጨው ያልገባበት ቅቤ ነው። «ቦን» ደግሞ አጥንት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን እዚህ ላይ ነው። ለብቻው የሚቆመው «ሌስ» ማነስን ስለሚያመለክት፣ አጥንቱ የተቀነሰለት ዶሮ ይመስለዋል። ሁለቱ በፊደል ይመሳሰሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። መድረሻው «ሌስ» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ከአንድ ነገር ነጻ የሆነ» ከሚል ቃል የመጣ ስለሆነ፣ በእኛ «አልባ» ማለት ነው። «ዋየርሌስ» ሽቦ አልባ፣ «ሆምሌስ» ቤት አልባ። ስኳር የተቀነሰለት መጠጥና «ሹገርሌስ» የተባለው መጠጥም፣ በተለይ ለስኳር ሕመምተኛ፣ አንድ አይደሉም። አንዳንዴ ግን «አልባ»ም ያሳስታል፦ «ፕራይስሌስ» የተባለ ዕቃ ርካሽ ሳይሆን ዋጋ የማይተመንለት ነው።

«አን» ደግሞ ሁለት ጠባይ አለው። ቅጽል ላይ ሲገባ ያፈርሳል፤ «ፌር» ፍትሐዊ ከሆነ «አንፌር» ኢ-ፍትሐዊ ነው። ግስ ላይ ሲገባ ግን የተሠራውን ወደ ነበረበት ይመልሳል። «ከቨር» ክደን ማለት ነው፤ «አንከቨር» ሲባል ታዲያ «አትክደን» ሳይሆን «ክዳኑን አንሳ» ነው። «ቤክ አንከቨርድ» ከተባለ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሳይከደን ይጋገር ማለት ነው። ይህን ያልለየ ሰው ወይ ጥብሱን ያደርቃል ወይ ያርሰዋል።

መነሻ የሚመስል ሁሉ መነሻ አይደለም። ዶሮው «አንቲል» እስኪበስል ይቆይ ሲል ፊቱ ላይ «አን» አለ፤ ቢነሳለት የሚቀረው «ቲል» ግን ያው «እስከ» ነው፤ አፍራሽ ቢሆን ኖሮ ተቃራኒው ይሆን ነበር።

ተንኮለኛው «ፕሪፔር» ነው። «ፕሪ» ሲነሳለት የሚቀረው «ፔር» ራሱን የቻለ ግስ ሲሆን፣ ትርጉሙም መላጥ ነው። ግምቱ እንግዲህ «አስቀድመህ ላጥ» ይሆናል፤ ድንችና ካሮት በበዛበት ገጽ ላይ ማንንም ያሳምናል። የተገመተውን ትርጉም ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ መልሶ ማስገባት የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ነው። አሠራሩ ዝቅ ብሎ ሶሱን «ፕሪፔር» አድርግ ይላል። ሶስ ደግሞ ልጣጭ የለውም፤ የተፈለገው ማዘጋጀት ነው።