ለቡና ገዢ ስንት ሰዓት ላይ ይጻፋል?

ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ለውጭ ገዢዎች መጻፍ በጀመርኩበት ክረምት ሳይሆን በጋ ላይ፣ ለአንድ የሐምቡርግ አስመጪ «ነገ በአዲስ አበባ ሰዓት 3፡00 ላይ በስልክ እንነጋገር» ብዬ ኢሜይል ላክሁለት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቴ ነበር። በማግሥቱ ስልኬን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ጠበቅሁ፤ ዝም። ረስቶት ይሆናል ብዬ ወደ ቃሊቲ መጋዘን ወረድኩ። ለካ ሰውዬው 3፡00 የሚለውን ከሰዓት በኋላ ብሎ ተረድቶት ኖሯል። በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲደውል እኔ የጆንያ ቁልል መሀል ነኝ፣ የማሽኑ ድምፅ ጥሪውን ውጦታል። እኔ በጠበቅሁበት ሰዓት ደግሞ እሱ ገና ቁርሱንም አልበላም፤ በበጋ ሐምቡርግ ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ ያዝኩ። ለገዢ የምጽፈው ሰዓት ሁልጊዜ የገዢው ከተማ ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላውም 15፡00 ተብሎ ይጻፋል። እዚህም ጽሑፍ ላይ እንዲሁ አደርጋለሁ፦ የእኛ ሰዓት በፊደል፣ የእነሱ በቁጥር።

ስለ ሽያጭ ደብዳቤ የሚሰጡ ምክሮች አብዛኛውን ጊዜ «ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ላክ» ይላሉ። ምክሩ ለብዙ ሺህ ሰው አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ለሚበትን ይሆን ይሆናል። አራት ገዢ በአራት አገር ላለው ላኪ ግን የማን ማክሰኞ፣ የማን ጠዋት? ደግሞ ቡና ሻጭን የሚያስጨንቀው ደብዳቤው መቼ ይከፈታል የሚለው አይደለም። መልሱ ሲመጣ እኔ የት ነኝ የሚለው ነው። የኒው ዮርክ የቡና ዋጋ በደቂቃ ይንቀሳቀሳል፤ በፈረንጆቹ የካቲት 2025 አንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። እንዲህ ባለ ወቅት ገዢው «እወስዳለሁ፣ ግን ትንሽ ቀንስ» ብሎ ሲጽፍልህ አንተ ቤትህ ገብተህ ከተኛህ፣ ጠዋት የምትመልስለት ለትናንቱ ዋጋ ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምመርጠው የመልሱን ሰዓት ነው፤ የመላኪያውን ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሬ አገኘዋለሁ።

የ2017 ዓ.ም. መጋቢትን እንደ ምሳሌ ልውሰድ፤ ወሩ ሆን ብሎ ላኪን ለማሳሳት የተሠራ ይመስል ነበር። በእጃችን አንድ ኮንቴነር የታጠበ ይርጋጨፌ አለ፤ 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ። ከዚያ ሌላ ጥቂት ያልታጠበ የሐረር ቡና። ልንጽፍላቸው ያሰብነው የሐምቡርጉ አስመጪ፣ አንድ የቶኪዮ ነጋዴ ድርጅት፣ አንድ የጂዳ ጅምላ ሻጭ፣ እና በአሜሪካ ፖርትላንድ ራሱ ቆልቶ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበሩ።

የወሩ ወጥመድ የሰዓት ለውጥ ነው። እኛ ሰዓታችንን አንነካም። አሜሪካኖች በየዓመቱ በማርች ሁለተኛ እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፣ አውሮፓውያን ግን እስከ ማርች መጨረሻ እሑድ ይቆያሉ። በዚያ ዓመት አሜሪካ የካቲት 30፣ አውሮፓ መጋቢት 21 ላይ ቀየሩ። በመካከል ባሉት ሦስት ሳምንታት ኒው ዮርክ ከእኛ የሚርቀው ስምንት ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ሰባት ሆነ፣ ሐምቡርግ ግን በሁለቱ ጸንቷል። የኒው ዮርክ የቡና ገበያ በራሱ ሰዓት 4፡15 ተከፍቶ 13፡30 ይዘጋል። በእኛ ሲመነዘር በበጋው ከስድስት ሰዓት ከሩብ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል የነበረው፣ በእነዚያ ሳምንታት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ።

ለሐምቡርጉ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እሱ ቡናውን ገዝቶ ለሌሎች የሚሸጥ አስመጪ ስለሆነ አንድ ዓይኑ ሁልጊዜ ኒው ዮርክ ላይ ነው። ሰኞ አልጻፍኩለትም፤ ሰኞ የሁለት ቀን ደብዳቤ ተቆልሎ ይጠብቀዋል። ዓርብም አይሆንም፤ ጀርመን ውስጥ ዓርብ ከምሳ በኋላ ቢሮ ውስጥ ሰው ማግኘት ዕድል ነው። ማክሰኞ መጋቢት 2 ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ዋጋውን ላክሁ፤ በእሱ 8፡30 ነው። ገበያው በእሱ 9፡15 ሊከፈት አርባ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። በዚያች ጊዜ ደብዳቤውን ያነባል፣ የናሙናውን የቅምሻ ውጤት ያወጣል፣ የሚጠይቀውን ይጠይቃል። ከታች «ይህ ዋጋ የሚጸናው ዛሬ የኒው ዮርክ ገበያ እስኪዘጋ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ ከወንበሬ አለመነሣት ነበር። የእኛ የምሳ ሰዓት፣ ከስድስት እስከ ሰባት፣ ለሐምቡርግ ከ10፡00 እስከ 11፡00 ነው፤ ሰውዬው ሥራው የሚጦፍበት ሰዓት። ዐቢይ ጾም ስለነበር በያይነቱ አስመጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ በላሁ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መልሱ መጣ፤ በፓውንድ አምስት ሳንቲም እንድንቀንስ ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጃችን እዚያው ስለነበሩ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ሳንቲም ቀንሰን መለስንለት፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግማሹን ኮንቴነር ሳይሆን ሙሉውን ወሰደው። ይህንኑ ደብዳቤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ብልከው ኖሮ በእሱ 14፡00 ይሆናል፤ ጥያቄው የሚመጣው እኛ ቢሮ ዘግተን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ነው።

ለቶኪዮ ስጽፍ የሚረዳኝ የቢሯችን የግድግዳ ሰዓት ነው። በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ ነው፤ ቶኪዮ ደግሞ ከእኛ ስድስት ሰዓት ትቀድማለች፣ ሰዓቷንም እንደ እኛው ዓመቱን ሙሉ አትቀይርም። ስድስትና ስድስት ተገናኝተው የእኛ ሰዓት ቆጣሪ የሚያሳየው ቁጥር ልክ የቶኪዮን ሰዓት ይሆናል። በእኛ ቀን ስድስት ሰዓት ሲል በእነሱ ምሽት 6 ነው፤ ጠዋት ሦስት ሲል በእነሱ ከሰዓት በኋላ 3። ይህን ያገኘሁት ከዓመታት የጣት ቆጠራ በኋላ መሆኑ እስካሁን ያስቀኛል።

ስለዚህ እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ስንገባ እነሱ የቀሩት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ለእነሱ ደብዳቤው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እንዲደርስ አድርጌ ማታ አዘጋጅቼ እተኛለሁ፤ በእነሱ 8፡30 ጠዋት ነው። እኔ ስገባ ጥያቄያቸው ተቀምጦ ይጠብቀኛል፣ ለመመለስም ጊዜ አለኝ። የቶኪዮው ድርጅት ግን በዕለቱ የሚወስን አይደለም፤ ጥያቄው ክፍል ከክፍል ይዞራል። ለዚህ ዓይነት ገዢ ከሰዓቱ ይልቅ ቀን መቁጠሪያው ይበልጣል። ብዙ የጃፓን ድርጅቶች ሒሳባቸውን የሚዘጉት ማርች 31 ላይ ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ሐሙስ መጋቢት 11 የእኩሌ ቀን በዓላቸው ነበር። በዚያ ወር አዲስ ቡና አላቀረብንላቸውም። ናሙና ብቻ ላክን፤ ዋጋውን ለኤፕሪል መጀመሪያ አቆየነው። ከኤፕሪል መጨረሻ ጀምሮ በዓላት የተደራረቡበት ሳምንት ስለሚመጣ፣ የቀረን ሦስት ሳምንት ያህል ነበር።

ጂዳ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ በሳምንቱ ላይ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2013 ጀምሮ የምታርፈው ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ሥራ ይጀመራል። እኛ ደግሞ እሑድ ዝግ ነን። ጅምላ ሻጩ ኢሜይል የሚባል ነገር አይወድም፤ ዋትሳፕ ላይ የፍሬውን ፎቶ ይፈልጋል፣ ቀጥሎ በድምፅ ይጠይቃል። በእሑድ ፎቶ ልከህ ሰኞ ብትመልስለት ቡናው ከሌላ ሰው ተገዝቷል። ስለዚህ የእሑድ ስልክ ተረኛ አለን።

በዚያ መጋቢት ደግሞ ረመዳን ነበር። ቀኑ ይተኛል፤ ንግዱ የሚነቃው ከተራዊሕ ሶላት በኋላ፣ በእኛ ከምሽቱ አራት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። እንደዚያም ሆኖ በረመዳን መሀል ትልቅ ግዢ እምብዛም አላየሁም፤ ነጋዴው አስቀድሞ ያከማቸውን ነው የሚሸጠው። ሐረሩን ልናቀርብለት ይገባን የነበረው ከረመዳን ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ነበር፤ አርፍደናል። ፎቶውን ልከን ከዒድ በኋላ እንነጋገር አልነው።

የፖርትላንዱ ሰው ጉዳይ በአጭሩ ያልቃል፣ ምክንያቱም ለእሱ የደብዳቤው ሰዓት ምንም ማለት አይደለም። ጠዋቱን ቆሎ ማሽኑ ፊት ቆሞ ያሳልፋል፤ ኢሜይል የሚያየው በእሱ 14፡00 ገደማ፣ በእኛ እኩለ ሌሊት ነው። የሚገዛውም አሥር፣ አሥራ አምስት ጆንያ፣ ያውም አሜሪካ መጋዘን ከገባ ቡና ላይ ነው። ለእሱ የምጠብቀው ናሙናው እጁ መግባቱን ነው። የፖስታው መከታተያ «ደርሷል» ካለ በኋላ ሁለት ቀን ቆጥሬ እጽፋለሁ። ናሙናው ሳይደርስ የሚሄድ ደብዳቤ ሽታ የሌለው ቡና ነው።

ሰዓት ቀጥሮ ስለመላክ አንድ ነገር ልጨምር። በጂሜይል ከመላኪያው ቁልፍ ጎን ያለውን ቀስት ተጭነው Schedule send የሚለውን ሲመርጡ፣ የሚቀጥሩት በራስዎ አገር ሰዓት ነው። ዓርብ መጋቢት 19 ላይ ለሰኞ መጋቢት 22 ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል የቀጠርኩት ሌላ የሐምቡርግ ደብዳቤ በእሱ 8፡30 መድረሱ ቀርቶ 9፡30 ላይ ደረሰ። እሑድ ዕለት ሰዓታቸውን ቀይረዋላ! ሰኞ መሆኑም ሌላ ጥፋት ነበር፤ እሱን አልክድም።

ጥሩ ሰዓት መርጫለሁ ወይ ብሎ ለማወቅ ብዙዎች «ተከፍቷል» የሚለውን ቆጠራ ያያሉ። እኔ ትቼዋለሁ። ከ2021 ጀምሮ የአፕል ስልኮች የኢሜይል ሥዕሎችን ባለቤቱ ሳያይ አስቀድመው ማውረድ ስለሚችሉ፣ ያልተነበበ ደብዳቤ እንደተነበበ ይቆጠራል። በምትኩ አንድ ደብተር አለኝ፦ የገዢው ዓይነት፣ የላክሁበት ቀንና ሰዓት በእሱ አቆጣጠር፣ መልስ የመጣበት ሰዓት፣ መልሱ ሲመጣ ቢሮ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም። በወር ሃያ ደብዳቤ ለሚልክ ሰው ከአምስት መልስና ከሦስት መልስ የትኛው ሰዓት እንደሚሻል መፍረድ አይቻልም፤ አጋጣሚ ነው። የመጨረሻው ዓምድ ግን ብዙ ደብዳቤ ሳይጠብቅ ይናገራል። የዚያን ዓመት ገጾች ሳገላብጥ የጠፉት ሽያጮች አጠገብ በብዛት የሰፈረው አንድ ቃል ነው፦ «አልነበርኩም»።