መልሱን አትንገረኝ፤ ጠይቀኝ

እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ በቱርክ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች የተካፈሉበት የሒሳብ ሙከራ ተደረገ። ተማሪዎቹ በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን መልመጃውን በመጽሐፉና በደብተሩ ብቻ ሠራ። ለሁለተኛው የጠየቁትን ሁሉ የሚመልስ ቻትቦት ተሰጠው። ሦስተኛውም ያንኑ ቻትቦት አገኘ፤ ለእሱ ግን «መልሱን አትናገር፣ ፍንጭ ብቻ ስጥ» የሚል ትእዛዝ ከጀርባ ተጽፎለት ነበር።

በልምምዱ ጊዜ ሁለቱም ባለ ቻትቦት ቡድኖች መጽሐፍ ብቻ ከያዙት በልጠው ታዩ። ሁለተኛው በ48 በመቶ፣ ሦስተኛው ደግሞ በ127 በመቶ። ከዚያ ቻትቦቱ ተወሰደና ሁሉም በወረቀት ተፈተኑ። የጠየቁትን ሁሉ ይመልስላቸው የነበሩት ተማሪዎች ቻትቦት ጭራሽ ካላዩት በ17 በመቶ ያነሰ ውጤት አመጡ። ፍንጭ ብቻ ያገኙት ግን አልተጎዱም። እውነቱን ለመናገር በፈተናው ይህ ነው የሚባል ብልጫም አላሳዩም፤ ስለዚህ ትእዛዙ ተአምር ሠሪ ነው ማለት አይቻልም። ጉዳቱን ግን ከልክሏል፤ ልዩነቱም የመጣው ከማሽኑ ሳይሆን ለማሽኑ ከተጻፈለት ነገር ነው።

መልስ ማንበብ ለምን አያስተምርም? በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ (የሴንት ሉዊሱ) ተመራማሪዎች ሮዲገር እና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ተማሪዎች አንድ አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ ከፊሉ ደግሞ አነበበው፤ ከፊሉ ጽሑፉን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋሚዎቹ 42 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ አስታወሱ። አእምሮ የሚይዘው ከውስጡ ፈልጎ ያወጣውን ነው። ደግሞ ማንበብ ደግሞ ገብቶኛል የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ተማሪን የሚያታልለውም ይኸው ስሜት ነው።

ቻትቦት ሲፈጠር ለመመለስ ነው የተፈጠረው። ጠያቂ እንዲሆን ከተፈለገ ባሕርይውን የሚገታ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። «ፊዚክስ ጠይቀኝ» ብቻ ብትሉት አሥር ጥያቄ ከነመልሱ ደርድሮ ያመጣላችኋል። የሚሠራው ትእዛዝ ይህን ይመስላል፦

«ከታች ያለው የፊዚክስ መጽሐፌ ገጽ ነው። ከዚህ ገጽ ብቻ ጥያቄ አውጥተህ ፈትነኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀህ አቁም፤ መልሴን ጠብቅ። ምርጫ አትስጠኝ። ስሳሳት መልሱን አትንገረኝ፤ አንድ አጭር ፍንጭ ሰጥተህ እንደገና አስሞክረኝ። ሁለተኛም ከተሳሳትኩ ጥያቄውን ቀለል ወዳለ ጥያቄ ቀይረው። በትክክል ስመልስ ለምን እንደሆነ ጠይቀኝ። የተሳሳትኩትን ከሦስት ጥያቄ በኋላ በሌላ መልክ አምጣው። አታሞግሰኝ።»

ከዚህ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀሩ ብባል «ጠይቀህ አቁም» የሚለውን አስቀራለሁ። ሌላው ሁሉ የሚሠራው ማሽኑ ዝም ማለት ሲችል ነው። «ምርጫ አትስጠኝ» የተባለውም በምክንያት ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ከፊት ሲደረደር ተማሪው መልሱን ያውቀዋል ማለት ሳይሆን ሲያየው ይለየዋል ማለት ሊሆን ይችላል።

አሁን ትእዛዙ ሲሠራ እንየው። አንዲት ተማሪ ስለ ቀጥታ ወደ ላይ ውርወራ የሚያወራውን ገጽ ለጠፈች እንበል። ጥያቄ መጣ፦ «ኳስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ። የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱና ፍጥንጥነቱ ስንት ናቸው?» እሷም «ሁለቱም ዜሮ» ብላ መለሰች። ይህ በየክፍሉ የታወቀ ስሕተት ነው። ያልተገታ ቻትቦት እዚህ ላይ ረጅም ማብራሪያ ያወርድባታል፤ እሷም አንብባ «እሺ፣ ገባኝ» ትላለች።

የተገታው ግን እንዲህ ይላል፦ «ፍጥነቱም ዜሮ፣ ፍጥንጥነቱም ዜሮ ከሆነ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ኳሱ የት ይገኛል?» ተማሪዋ ማሰብ ግድ ይሆንባታል። ፍጥንጥነት ከሌለ ፍጥነቱ አይለወጥም፤ ዜሮ ከሆነም ዜሮ እንደሆነ ይቀራል፤ ታዲያ ኳሱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ነው። ኳስ ደግሞ ይወድቃል። ስለዚህ ፍጥንጥነቱ ዜሮ ሊሆን አይችልም፤ የመሬት ስበት እዚያም ላይ አለ፣ ወደ ታች በሰከንድ ስኩዌር 10 ሜትር ያህል። ይህን የደረሰችበት ራሷ ናት። ከሦስት ጥያቄ በኋላ ያው ነገር ልብስ ቀይሮ ይመጣል፦ «ኳሱ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ፍጥንጥነቱ ወደ የት ነው?» «ወደ ላይ» ካለች ነገሩ ገና አልገባትም ማለት ነው።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? አንደኛው ብልሽት መርሳት ነው። ውይይቱ ሲረዝም ቻትቦቱ ወደ ቀድሞ ልማዱ ይመለሳል፤ ምልክቱም ግልጽ ነው፦ መልእክቱ በጥያቄ ማለቁ ይቀርና በማብራሪያ ያልቃል። ያኔ ትእዛዙን ገልብጦ እንደገና መላክ ነው።

የባሰው ግን ይሉኝታው ነው። ተማሪው ተሳስቶ አጥብቆ ቢከራከር ቻትቦቱ «ልክ ነህ፣ ይቅርታ» ብሎ እጅ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ግማሽ መልስንም «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ትእዛዙ ላይ «መልሴን ስታርም ከገጹ ላይ የምትመሠረትበትን ዓረፍተ ነገር ጥቀስ» የሚል መጨመር ይበጃል፤ የጠቀሰው ዓረፍተ ነገር መጽሐፉ ላይ ከሌለ እርማቱ አይታመንም። የመጽሐፉን ገጽ መለጠፍ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። በቱርኩ ሙከራ ያልተገታው ቻትቦት ትክክለኛ መልስ የሰጠው በግማሽ ያህሉ ጊዜ ብቻ ነበር። ለፍንጭ ሰጪው ግን መምህራን ትክክለኛውን መልስና ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን ቦታ አስቀድመው ጽፈውለት ነበር።

በአማርኛ ለሚያጠና ሰው ሌላም ነገር አለ። ቻትቦቶች በአማርኛ የሚሰጡት የሳይንስ ቃል አንዳንዴ መጽሐፍ ላይ ከምናውቀው ይለያል። አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ «ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ጠይቀኝ፣ ፍንጩን በአማርኛ ስጠኝ» ማለት ያዋጣል፤ ፈተናውም በዚያው ቋንቋ ነውና።

እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ቻትጂፒቲን ጨምሮ ታዋቂዎቹ ቻትቦቶች ተማሪን እየጠየቁ የሚያስጠና የራሳቸው ስልት አላቸው። ይጠቅማል፤ ነገር ግን በአንድ ንክኪ ይጠፋል፣ ምሽት ላይ የደከመው ተማሪም ማጥፊያውን ያውቀዋል። ለወላጆች የምለው፦ ልጃችሁ በቻትቦት ሲያጠና ስክሪኑን ተመልከቱ። ረጅሙን ጽሑፍ የሚጽፈው ማሽኑ ከሆነ ልጁ እያነበበ እንጂ እያጠና አይደለም። ለተማሪዎች ደግሞ፦ በመጨረሻ የተሳሳታችኋቸውን ጥያቄዎች ብቻ ያለ መልስ እንዲዘረዝርላችሁ ጠይቁት፤ ወረቀት ላይ ገልብጡና ከሁለት ቀን በኋላ ስልኩን ዘግታችሁ ሥሯቸው። ያልወጣላችሁን ይዛችሁ ወደ አስተማሪያችሁ ሂዱ።