ቦንጋ ላይ ስሙን የሚያጣው ቡና

ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና ከበበቃ ለምርት ገበያ የሚቀርብ ቡና የሚራገፈው ቦንጋ መጋዘን ነው። እዚያ ከጭነቱ ናሙና ይወሰድና በባለቤቱ ስም ፋንታ ኮድ ይጻፍበታል። የእርጥበቱ መጠን ከ11.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ደረጃው የሚወጣው ከጥሬ ፍሬው 40፣ ከቅምሻው 60 ነጥብ ተይዞ ነው። ቀማሹ የማን ቡና እንደሚቀምስ አያውቅም፤ የኮዱ ዓላማም ይኸው ነው፦ ውለታም ቂምም ወደ ስኒው እንዳይገባ።

አድልዎ ግን ከስኒው ውጭ፣ በደንቡ በኩልም ሊገባ ይችላል። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ መንግሥት የሚያወጣው ቁጥጥር ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ቁጥጥር የሚደረግባቸውን ነጋዴዎች ነው ብሎ ተከራከረ። ለዚህ ጉቦ የግድ አያስፈልግም። ከደንቡ አንቀጽ አንዷ ብትለወጥ ጥቂት ላኪዎች ብዙ ብር ያተርፋሉ፤ የቤንችና የሸካ ገበሬ ግን እያንዳንዱ የሚያጣው በኪሎ ጥቂት ሳንቲም ነው። ስለዚህ በደንቡ ረቂቅ ላይ ውይይት ሲደረግ አዲስ አበባ የሚገኘው ላኪው ነው። መሥሪያ ቤቱም መረጃውን ከእሱ እየሰማ ዓለምን በእሱ ዓይን ማየት ይጀምራል።

አዋጅ ቁጥር 602/2000 የላኪውን ጉልበት በፈቃድ ሊገድብ ሞክሮ ነበር። ከገበሬው የሚገዛው አቅራቢና ወደ ውጭ የሚሸጠው ላኪ አንድ ሰው እንዳይሆን ለያይቷቸው ነበር። ቅጣቱም ፈጥኖ መጣ። በመጋቢት 2001 ዓ.ም. መንግሥት ቡና አከማችታችኋል ብሎ የስድስት ትላልቅ ላኪዎችን ፈቃድ ሰረዘ፤ መጋዘኖቻቸውንም አሸገ። ያን ጊዜ የመንግሥቱ የእህል ንግድ ድርጅት ራሱ ቡና ላኪ ሆኖ ገባ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ተቆጣጣሪው የሚያዳላው ለነጋዴ ብቻ አይደለም፤ መንግሥት ራሱ ተወዳዳሪ ሲሆን የፈቃድ መሰረዝ ተቀናቃኝን ማስወገጃ ሊመስል ይችላል፣ ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ።

እንግዲህ አድልዎ ገብቶ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ቡናው ከአገር ከመውጣቱ በፊት አዲስ አበባ ላይ እንደገና ስለሚመረመር ሁለቱን ውጤቶች ማመሳከር ይቻላል። በመጀመሪያው ምርመራ ሦስተኛ ደረጃ ያገኘ ቡና በሁለተኛው አምስተኛ ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ከሆነ ክምችት ያበላሸው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሁልጊዜም በዚያው አቅራቢ ጭነት ላይ ከሆነ ግን ኮዱ የማን እንደሆነ ከቀማሹ ጆሮ ደርሶ ይሆናል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ላኪና አቅራቢ በቀጥታ እንዲተሳሰሩ ፈቀደ። በዚህ መንገድ የሚሄድ ቡና ከመነሻው ባለቤቱ የታወቀ ነው። ይህ የቡናውን አገር ለሚፈልግ የውጭ ገዥ መልካም ነው። ለመርማሪው ግን የማን ቡና እንደሆነ አለማወቅ የሚሰጠው ጥበቃ ከመጀመሪያው ምርመራ ጠፍቷል፤ ክብደቱ ሁሉ በውል ምዝገባውና በመጨረሻው የአዲስ አበባ ምርመራ ላይ አርፏል።